የሐጂ ድመት ሁለት ጥርሶች

አሰላ ላይ የእንስሳት ሐኪም ነኝ ስል ሰው በሐሳቡ የሚያየኝ ክንዴን እስከ ትከሻዬ ላም ውስጥ ከትቼ ነው። አልፈርድበትም፤ የዕድሜዬን ግማሽ ያሳለፍኩት እንደዚያው ነው። ላም፣ በግ፣ የጋሪ ፈረስ፣ ከፈረሱ የባሰ የሚያስቸግር ባለጋሪ። ድመት አክማለሁ ስል ፈገግ ይላሉ። የድመት ጥርስ አክማለሁ ስል ፈገግታው ሳቅ ይሆናል። የድመት ጥርስ በሽታ ደረጃ አለው፣ ይመደባል ስላቸውማ አንዳንዱ "ታዲያ ስንተኛ ክፍል ደረሰች?" ይለኛል። እኔ ደግሞ ቀልድ አልችልም። ማለቴ እችላለሁ፤ ግን መጀመሪያ ተናድጄ ነው የምስቀው። እናቴ "አንቺ ሳቅሽ እንኳ በቁጣ በኩል ዞሮ ነው የሚመጣው" ትለኝ ነበር፤ ልክ ናት።

ሐጂ ወደ ክሊኒኬ የመጡት አንድ ዓርብ፣ ከጁምዓ መልስ ነው። ገበያው ዳር የስንዴና የገብስ መጋዘን ያላቸው፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ወሬ የማያበዙ ሽማግሌ ናቸው። በሬዎቻቸውንና በጎቻቸውን ለዓመታት አክሜላቸዋለሁ። ያን ቀን ግን ባዶ እጃቸውን መጥተው በሩ ላይ ቆሙ። ይግቡ ብል አይገቡም፣ ይቀመጡ ብል አይቀመጡም። ሰው ሞቶባቸው ይሆን ብዬ ከወንበሬ ተነሳሁ።

"ዶክተሬ፣ አዱሬን ሊወስዷት ነው" አሉኝ።

አዱሬ በኦሮምኛ ድመት ማለት ነው። የመጋዘናቸው ድመት ከዚህ ሌላ ስም የላትም። ግራጫ ናት፣ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ይሆናታል። ሐጂ እንደሚወዷት ሰው እንዳያውቅባቸው "ለአይጥ ብዬ ነው የያዝኳት" ይላሉ። አይጥ ከያዘች ግን ዓመት አልፏታል፤ ይህን ደግሞ በገበያው ውስጥ የማያውቅ ሰው የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካለፈው ክረምት ወዲህ ድመቷ ዐመሏ ተበላሽቷል። ሲነኳት ትጮኻለች፣ ትቧጭራለች። በዚያው ሳምንት የትልቁ ልጃቸው ሕፃን ልጅ ጉንጯን ዳበስ ብታደርጋት እጇን ቧጭራ አደማቻት። ቤተሰቡ ተሰበሰበ። እኛ አገር አስቸጋሪ ድመት አይገደልም፣ ኃጢአት ነው፤ ማዳበሪያ ውስጥ ትከተትና ተመልሳ መምጣት የማትችልበት ሩቅ ቦታ ትጣላለች። ትልቁ ልጅ አይሱዙ አለው። ሐሙስ ሐሙስ እህል ጭኖ ወደ አቦምሳ ይወርዳል። በሚቀጥለው ሐሙስ አዱሬም አብራ እንድትሄድ ተወሰነ። ሐጂ በልጆቻቸው ፊት እሺ ብለው ቃላቸውን ሰጡ፤ አንድ ነገር ብቻ ጨመሩ። ሐኪሟ በሽታ ነው ካለች ትቀራለች፣ ዐመል ነው ካለች ትሄዳለች።

"ሰው ነክሳለች?" አልኳቸው። ድመት ጠባይዋ ተለወጠ ሲባል መጀመሪያ የምጠይቀው ይህንን ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታ ቀልድ አያውቅም።

"መንከስ አልነከሰችም። ጥፍሯን ነው።"

ክትባቷን ራሴ ወግቻት ስለነበር በዚያ በኩል ልቤ አረፈ። የምትበላው እንዴት ነው አልኳቸው። አሁን ሐጂ ተቀመጡ። ሥጋ ሲሰጧት ሮጣ ትመጣለች፣ ትጎርሳለች፣ ወዲያው ጥላው ትሸሻለች፣ ከዚያ ሥጋው ላይ ትቆጣለች። ራሷን ታራግፋለች። በአንድ ጎኗ ብቻ ነው የምታኝከው። ይህን ሁሉ ሲነግሩኝ በራሳቸው አገጭ እያሳዩኝ ነበር፤ ለአይጥ ብቻ የያዟት ሰው ይህን ያህል አያውቁም።

አቦምሳ ቆላ ነው፣ ሰው በሙቀት ጥላ ፍለጋ የሚሄድበት። የደጋ ድመት፣ ያውም አፏ የታመመ፣ እዚያ የእህል በረንዳ ላይ ብትራገፍ በሳምንት ውስጥ በረሃብ ታልቃለች። ይህን ለሐጂ አልነገርኳቸውም። እሳቸውም ያውቁታል፤ ለዚህ አይደል እግራቸው ወደ እኔ የመራቸው።

ቅዳሜ ጠዋት መጋዘኑ ሄድኩ። ትልቁ ልጅ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ ወፍራም፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ግን ነገር ከያዘ የማይለቅ ሰው ነው። "ዶክተር፣ አንቺ ድመት ወዳድ ነሽ፣ ታዳያለሽ" አለኝ ገና ሰላም ሳንባባል። ደሜ ፈላ። ፈረስህን ሳክም ለፈረሱ ያዳላሁ መስሎህ ነበር ወይ ልለው አሰብኩና ተውኩት፤ ሐጂ እያዩኝ ነው።

ሐጂ ድመቷን በነጠላ ጠቅልለው ያዙልኝ፣ እኔ ከንፈሯን ከፍ አድርጌ እስክትነጥቀኝ ድረስ አየሁ። ነቅታ ያለች ድመት ከዚያ በላይ አታሳይም። ጥርሷ ላይ ትንሽ ቢጫ ቆሻሻ፣ ድዷ ጠርዙ ላይ ቀላ ያለ። በታች በግራ በኩል ከክራንቻዋ ቀጥሎ ያለው ጥርስ ላይ ግን ድዷ ሽቅብ ወጥቶ የጥርሱን ወገብ ሸፍኖታል፤ ስንዴ የምታክል ሮዝ ሥጋ። እሷን ሳይ ጠረጠርኩ።

"ደረጃው ስንት ነው?" አለ ልጁ። ከሰው ሰምቷል ማለት ነው፣ ደረጃ እንዳለው።

ዋሽቼ ማለፍ እችል ነበር፣ ግን አይሆንልኝም። "ድዷ ከአራት ደረጃ አንደኛው ላይ ነው" አልኩት። አንደኛ ማለት ድድ ተቆጥቷል፣ ጥርሱን የያዘው አጥንት ግን ገና አልተነካም ማለት ነው።

"አንድ ከአራት?" ፊቱ በራ። "አባ፣ ሰማህ? አንድ ነው። አንድ ደግሞ ደህና ማለት ነው። ዐመል ነው አላልኩም?"

ሐጂ አንገታቸውን ደፉ። እኔም እዚያው እህሉ መሐል ንዴቴ ጣሪያ ነካ። የድድ ደረጃ ሌላ፣ የጥርስ ደረጃ ሌላ መሆኑን እንዴት አድርጌ እንደጮኽኩ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። ድመት ከሰው የተለየ አንድ ጣጣ አለባት፤ ድዱ ምንም ያህል ሳይታመም ጥርሱ ራሱ ይሟሟል። የገዛ አካሏ ጥርሷን ይበላዋል፣ አንገቱ ላይ ጀምሮ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ሥሩ። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ በእርግጥ የሚያውቅ የለም። ከውጭ የሚታየው ያቺ ሮዝ ሥጋ ብቻ ናት፤ የቀረው ታሪክ ከድዱ በታች ነው። እሱን ደግሞ የሚያሳየው ራጅ ብቻ ነው።

"እንግዲያው በዓይኔ አሳዪኝ" አለኝ ልጁ። "ራጁን ልይ። ካየሁ አምናለሁ።"

"ታያለህ" አልኩት፣ ራጅ ሳይኖረኝ።

የጥርስ ራጅ ያለው አንድ ወዳጄ ነው። የሰው ጥርስ ሐኪም ነው፣ የጎጃም ልጅ፣ ለሥራ ተመድቦ መጥቶ እዚሁ የቀረ። ዋናው መንገድ ላይ ፎቅ ቤት ውስጥ የራሱ ክሊኒክ አለው። ስደውልለት መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ "ጸጉሯ ወንበሬ ላይ ይራገፋል" አለ። ቀጥሎ "እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ኑ፣ በሽተኞቼ እንዳይሰሙ" አለ። እንዲህ ዓይነት ሰው ነው፤ መጀመሪያ እንቢ ብሎ ነው እሺ የሚለው።

እሑድ ልጁ በአይሱዙው ይዞን መጣ። ሐጂ ፎቅ አልወጡም። "እኔ ደም አላይም" ብለው ታች ከሱቁ በረንዳ ላይ ቀሩ። ወዳጄ ወንበሩን ከላይ እስከ ታች በላስቲክ ጠቅልሎት ደረስን። ድመቷን በመርፌ አስተኛኋት፣ ውሃ ወደ ሳንባዋ እንዳይገባ በጉሮሮዋ ቀጭን ቱቦ አስገባሁ፣ ዓይኗ እንዳይደርቅ ቅባት ቀባኋት፣ በፎጣ ሸፈንኳት። የሰው ወንበር ላይ ተኝታ አራት ዓመት እንኳ የሞላት አትመስልም ነበር።

ድዷን በመመርመሪያው ዙሪያውን ለካሁ። ድዷ ከጥርሷ አልለቀቀም፤ ደረጃ አንድ ያልኩት ልክ ነበር። ከዚያ የመመርመሪያውን ጫፍ ያቺ ሮዝ ሥጋ ሥር አስገባሁና ጥርሱን ነካሁ። ጫፉ ጥርሱ ውስጥ ገባ። ወዲያው አገጯ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ትክ ትክ ትክ እያለ፣ ብርድ እንደያዘው ሰው።

ልጁ ከበሩ ጠጋ አለ። "ነቃች እንዴ?"

"አልነቃችም። ተኝታ ነው።"

"ተኝታ ያማታል?"

"ተኝታ እንኳ አገጯ አልቻለም።"

ልጁ እጁን ሳያስበው ወደ ገዛ ጉንጩ ወሰደ። በቀኝ በኩልም ሄድኩ፤ እዚያም ተመሳሳይዋ ጥርስ ላይ ከምላሷ ወገን ሮዝ ሥጋ ነበረች፣ በመጋዘኑ ሳላያት የቀረችው። ከላይ ሲታዩ ሁለቱ ጥርሶች እንደ መንትያ አንድ ናቸው።

እዚህ ላይ ከወዳጄ ጋር በጥርስ ቁጥር ተጣላን። እሱ "አራተኛዋ ናት" ይላል፣ እኔ "ሰባተኛዋ" እላለሁ። ሰው ከመሐል ጀምሮ ሲቆጥር ከክራንቻው ቀጥሎ ያለው አራተኛ ነው። የእኛ ሙያ ግን ድመት ባለፉት ዘመናት ያጣቻቸውን ጥርሶች ቦታ ጭምር ይቆጥራል፤ ስለዚህ ከክራንቻው ቀጥሎ ያለችው ሰባተኛ ትሆናለች፣ በእኔ አራተኛ ደግሞ ክራንቻው ራሱ ነው። "የሌለ ጥርስ ትቆጥራላችሁ?" ብሎ አፈጠጠብኝ። በመጨረሻ ቁጥሩን ትተን በጣት እየጠቆምን ለመሥራት ተስማማን፤ ጤነኛ ክራንቻ ከመንቀል በጣት መጠቆም ይሻላል።

የራጁን ምስል የሚቀበለውን ሴንሰር በላስቲክ ሸፍነን በምላሷና በመንጋጋዋ መካከል አስገባን፣ ራጁን አነሳን፣ ምስሉ ላፕቶፑ ላይ መጣ። ግራ። ከዚያ ቀኝ።

የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ጤነኛ ሥር ራጅ ላይ ነጭ ሆኖ ይቆማል፣ ዙሪያውን እንደ ክር የቀጠነ ጥቁር መስመር ይከበዋል። ያ መስመር ሥሩን ከአጥንቱ የሚለየው ክፍተት ነው። መስመሩ ካለ፣ ጥርሱ አንገቱ ላይ ቢቦረቦርም ሥሩ አሁንም ሥር ነው፤ ዓይነት አንድ እንለዋለን፣ ከነሥሩ ተነቅሎ መውጣት አለበት። መስመሩ ከጠፋና ሥሩ ከአጥንቱ ጋር ከተዋሐደ ዓይነት ሁለት ነው፤ የሚነቀል ነገር የለም፣ እሱን ልቆፍር የሚል መንጋጋ ይሰብራል። እዚያ የላዩ ብቻ ተቆርጦ ድዱ ይሰፋል፣ የቀረውን አካሏ ራሱ አጥንት ያደርገዋል። በአንድ ጥርስ ላይ አንዱ ሥር እንዲህ ሌላው እንዲያ ከሆነ ደግሞ ዓይነት ሦስት።

ላፕቶፑ ላይ መስመር የለም። በግራም በቀኝም ሥሮቹ ደብዝዘው ከአጥንቱ ጋር ተቀላቅለዋል።

"ሁለቱም ዓይነት ሁለት" አልኩ። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ፤ አጭር ሥራ ነው፣ ቆርጦ መስፋት። ወዳጄም መቁረጫውን ማዘጋጀት ጀመረ። ልጁ ከኋላዬ "እና ሁለቱም አንድ ናቸው?" አለኝ። መልሼ ላሳየው ወደ ምስሉ ዞርኩ።

ላሳየው ብዬ ነው በደንብ ያየሁት። የክራንቻዋን ሥር በጣቴ ተከተልኩ። መስመር የለም። ከኋላ ያሉትን ጤነኛ ጥርሶች አየሁ። መስመር የለም። የመንጋጋዋ የታችኛው ጠርዝ እንኳ ጠቁሮ ሊጠፋ ደርሷል። የዚህች ድመት ጥርስ ሁሉ አንድ ሳይቀር ሟሟ ልበል? እንዲህማ አይሆንም።

"ስንት ላይ አድርገህ ነው ያነሳኸው?" አልኩት።

ወዳጄ ማሽኑን አየው። ማሽኑ ላይ የጥርስ ሥዕል ያለባቸው ቁልፎች አሉ። የበራው የትልቅ ሰው የኋላ መንጋጋ ነው። ለዓመታት ቀኑን ሙሉ የሚጫነው ቁልፍ ስለሆነ ጣቱ ራሱ ሄዶ ተጭኖታል። ለሰው መንጋጋ የሚበቃ ጨረር፣ ውፍረቱ ትንሽ ጣቴን በሚያክል አጥንት ላይ። ቀጭኑን ነገር ሁሉ አቃጥሎ አጥፍቶታል፤ መስመሩንም፣ ሥሩንም።

"እኔ አይደለሁም፣ ጣቴ ነው" አለ ወዳጄ፣ ፊቱ ቀልቶ።

"ለጣትህ ንገረው፣ ይቺ ሴትዮ የሰው መንጋጋ የላትም፣ ቆሎ አትቆረጥምም" አልኩት። ልጁ ሳቀ፤ ከመጣ ጀምሮ የመጀመሪያው ሳቁ ነበር።

ወዳጄ ወደ ዝቅተኛው፣ ወደ ሕፃን የፊት ጥርስ ቁልፍ አወረደው። ከበሩ ውጪ ወጣን፣ እንደገና አነሳን። ምስሉ ሲመጣ ሦስታችንም ላፕቶፑ ላይ አጎነበስን።

ክራንቻዋ ዙሪያ መስመሩ ተሰምሮ ታየ። የኋላ ጥርሶቿም እንደዚያው። የግራዋ የታመመች ጥርስ ሁለት ሥሮች ደግሞ ነጭ ሆነው ቆመዋል፣ በየዙሪያቸው ያ ቀጭን ጥቁር ክር አለ፤ አንገቷ ላይ ብቻ ነርቯ እስካለበት ውስጠኛ ክፍል የደረሰ ጉድጓድ። ዓይነት አንድ፤ ጉዳቱ ደግሞ ደረጃ ሦስት። የቀኟ ግን በጥሩ ራጅም መስመር የላትም። ጎረቤቶቿ ጥርት ብለው ሲታዩ የእሷ ሥሮች ብል እንደበላው ጨርቅ ሆነው አጥንቱ ውስጥ ጠፍተዋል፤ የላይኛውም ክፍል አብዛኛው አልቋል። ዓይነት ሁለት፣ ደረጃ አራት። ከላይ መንትያ የመሰሉት ሁለት ጥርሶች ከድዱ በታች የተለያየ ታሪክ ነበራቸው።

 የግራዋን ቆርጬ ሰፍቼ ብሆን ኖሮ ሕይወት ያለው ሥር ከነነርቩ ከስፌቱ በታች ይቀራል። ድመቷ ትጮኻለች፣ ትቧጭራለች፣ እኔ ደግሞ ድናለች ብያለሁ። "በሽታውማ ወጥቷል፣ የቀረው ዐመል ነው" ተብሎ በእኔው ቃል አቦምሳ ትወርድ ነበር። ፈራሁ። ለድመት ይህን ያህል ትፈሪያለሽ የሚለኝ ካለ ይበል።

ከዚያ በኋላ ያለው የእጅ ሥራ ነው፤ በእጅ ደግሞ ወዳጄ ከእኔ ይበልጣል። መንጋጋዋን በመርፌ አደነዘዝኩ። የግራዋን ጥርስ በመሐል ከፍሎ ሁለቱን ሥሮች አንድ በአንድ ቀስ እያለ ፈታቸው፣ ሙሉ ሆነው ወጡ። ምንም አለመቅረቱን ለማረጋገጥ እንደገና ራጅ አነሳን። በቀኝ በኩል ደግሞ ከሥሩ ጫፍ ቁስል አለመኖሩን፣ ጉሮሮዋም አለመቆጣቱን አይተን ጥርሱን ከድዱ ዝቅ አድርገን ቆረጥን፣ ጠርዙን አለሰለስን፣ ድዱን ሰፋን። ወዳጄ ሲጨርስ ጓንቱን እያወለቀ "ከአብዛኛው በሽተኛዬ ትሻላለች፣ አታወራም" አለ።

ልጁ የግራዋን ጥርስ ከትሪው አንስቶ ብርሃን ላይ አየው። ጉድጓዱ በዓይን ይታያል። ጥርሱን ትሪው ላይ መለሰና "እሺ፣ ሕመሙን አምኛለሁ" አለኝ። "ግን ዶክተር፣ ሕመሙ ሲሄድ ዐመሉም መሄዱን በምን አውቃለሁ? ልጄ እኮ ናት የተቧጨረችው።"

በዚህ አልተናደድኩበትም፤ አባት ነው። "ቁስሏ ይዳን፣ ሁለት ሐሙስ ስጠኝ" አልኩት። ልጁ አሰበ። "በሁለተኛው ሐሙስ ፊቷን ካስነካች ትቀራለች። ካልሆነ ይዣት እወርዳለሁ፣ አባቴም ቃሉን ያከብራል" አለ።

ታች ስወርድ ሐጂ በረንዳው ላይ ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ሁሉንም ነገርኳቸው። በሁለቱ ጥርሶች አልደነቁም፤ "ስንት ጊዜ ነው ታማ የኖረችው?" ብለው ነው የጠየቁኝ። በእርግጥ አላውቅም፣ ግን ወራት ነው አልኳቸው። ሐጂ ሻሻቸውን ሊያስተካክሉ ጀመሩና ፊታቸውን ሸፈኑበት።

"አንድ ቀን በከዘራ መትቻታለሁ" አሉኝ። "ሥጋ ሰጥቻት ስትቆጣብኝ። ጥጋብ መስሎኝ ነው።"

 አፌ ለቁጣ እንጂ ለእንዲህ ያለው አይፈጥንም። ድመቷን ከነፎጣዋ አሳቀፍኳቸው፤ ተቀበሉኝና ወደ መኪናው ሄዱ።

የመጀመሪያው ሐሙስ አይሱዙው ያለ እሷ ወረደ። ሐጂ በየቀኑ ይደውሉልኛል፤ ለበሬ ደውለው የማያውቁ ሰው። "የተፈጨ ሥጋ በላች።" "ወተት ጨረሰች።" "በሁለቱም ጎን አኘከች፣ በዓይኔ አየሁ።" አንድ ቀን ላም ሳዋልድ ስልኬ ጮኸ፤ ባለላሟ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ያዘልኝ፣ ሐጂ "ዶክተሬ፣ ራሷን ማራገፍ ትታለች" አሉኝ። እግዜር ይመስገን አልኳቸው፣ ጥጃው በእጄ ላይ እንዳለ።

በሁለተኛው ሐሙስ ጠዋት በጊዜ ሄድኩ። አይሱዙው ስንዴ ተጭኖ መጋዘኑ በር ላይ ሞተሩ እየሠራ ቆሟል። ልጁ ባዶ ማዳበሪያ ክንዱ ላይ ጣል አድርጓል። ሰላምታው ጥሩ ነበር፣ ግን ማዳበሪያውን አላስቀመጠውም።  የራጁ ደረጃ ትክክል ነው፣ ሥሩ ወጥቷል፣ ስፌቱ ድኗል፤ ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ድመት ምን እንደምታደርግ ግን ልፈርምላት አልችልም።

አዱሬ ከኩንታል ላይ ተቀምጣለች፣ ፀሐይ ላይ። ሐጂ ቀስ ብለው ሄዱ። እጃቸውን ከአፍንጫዋ ፊት ለፊት አቆሙ። አልነኳትም፤ ጠበቁ። ድመቷ እጃቸውን አሸተተች። ከዚያ ጉንጯን፣ ያን የግራ ጉንጯን፣ መዳፋቸው ላይ አስደገፈችና ገፋች። አገጯን ገፋች። ከጆሮዋ እስከ አፏ ድረስ እጃቸው ላይ ታሻሸች፣ በግራ፣ በቀኝ፣ ደግማ በግራ። የመጋዘኑ ሰው ሁሉ ድምፅዋን ይሰማል፤ ሆዷ ውስጥ ወፍጮ ያለ ይመስል ነበር።

ሐጂ አልተንቀሳቀሱም። "አዱሬ ኮ" አሉ፣ የእኔ ድመት እንደማለት ነው፤ ለአይጥ ነው የያዝኳት የሚለውን ረስተውት። ዓይኔ እንባ አቀረረ፣ አልዋሽም።

"እኔንም ልሞክር" አለ ልጁ። ማዳበሪያውን ለመኪናው ረዳት ሰጥቶ ቀረበ፣ ሰፊ እጁን ዘረጋ። አዱሬ አየችው። አንድ ጊዜ፣ እንደ ጥፊ፣ እጁን ላጠችው።

 የልጁ እጅ ላይ ቀይ መስመር ወጣ። ሥሩ ወጥቷል፣ ራጁ ላይ ምንም አልቀረም፤ ታዲያ ምን አመማት? ሐጂ እጃቸውን ከድመቷ ሥር አላነሱም፤ ልጃቸውን ብቻ ቀና ብለው አዩት። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ልመና በሽማግሌ ዓይን ውስጥ አላየሁም።

ልጁ እጁን አገላብጦ አየው። ድመቷን አያት። አባቱን አያቸው።

"አይ፣ ይቺስ በሽታ አይደለችም" አለ ቀስ ብሎ። "ይቺ ዐመል ናት። ዐመልማ አባቴም አለው፤ እሱን ጭኜ አቦምሳ አላራገፍኩትም።"

መጋዘኑ በሳቅ ፈነዳ። ሐጂ ብቻ አልሳቁም። ልጁ ደሙን በሱሪው ጠረገ፣ "ልጄን ግን እንዳትነካ" ብሎ አስጠንቅቋት ወደ መኪናው ወጣ፣ አይሱዙው ስንዴውን ብቻ ጭኖ ወረደ። አንድ ደንበኛ ገብስ ስንት ነው እያለ ሦስት ጊዜ ጠየቀ። ሐጂ መልስ አልሰጡትም፤ አዱሬ መዳፋቸው ላይ ጉንጯን አስደግፋ ተኝታለች።